ስህተቱም ምርጫው ውስጥ አለ፦ የዩኒት ቅየራና የጉልህ አሃዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሠርቼ ያገኘሁት ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ከሆነ፣ ልክ ሠርቻለሁ ማለት ነው።»

አይደለም። የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ምርጫ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የተሳሳቱትን ሦስት ምርጫዎች ዝም ብሎ አይሞላቸውም። ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት ያስብና፣ ያንኑ ስህተት ራሱ ሠርቶ የሚወጣውን ቁጥር ያስቀምጣል። ስለዚህ ዩኒት ሳይቀይር የሠራም፣ በግማሽ የቀየረም ቁጥሩን ምርጫው ውስጥ ያገኘዋል። አንድ ጥያቄ ፈትተን እንየው፦

52 ኒውተን ኃይል 26 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ባለው ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ቢያርፍ፣ ግፊቱ ስንት ፓስካል ነው?

ሀ) 2.0
ለ) 2.0 × 10²
ሐ) 1.4 × 10³
መ) 2.0 × 10⁴

«ሀ» 52ን ለ26 እንዳለ ያካፈለ ሰው መልስ ነው። «ሐ» ማካፈል ሲገባው ያባዛ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን «ለ» ላይ ነው፤ እሱ ዩኒት መቀየር እንዳለበት አውቋል፣ ቀይሯልም። ጥፋቱ የቀየረበት ቁጥር ላይ ነው።

«አንድ ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሳንቲ ሜትር ካሬን ለ100 አካፍዬ ሜትር ካሬ አደርገዋለሁ።»

100 የሚያገለግለው ለርዝመት ብቻ ነው። ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ በአንድ በኩል 100 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላውም በኩል 100 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ስፋቱ 100 × 100 = 10,000 ሳንቲ ሜትር ካሬ ነው። ይዘት ላይ ሲደርስ ደግሞ 100 ሦስት ጊዜ ይባዛል፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። ከዩኒቱ አናት ላይ 2 ካለ የቅየራው ቁጥርም በ2 ከፍ ይላል፣ 3 ካለም በ3።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ 26 ሳንቲ ሜትር ካሬ 0.0026 ሜትር ካሬ ነው፤ 52 ÷ 0.0026 = 20,000። መልሱ «መ» ነው።

ስሌቱን ሳይደግሙ መልሱን የሚፈትሹበት መንገድም አለ። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንድ ሜትር ካሬው 80 ግራም ይመዝናል፤ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አንድ ወረቀት የሚያሳርፈው ግፊት 0.8 ፓስካል ገደማ ነው ማለት ነው። «ሀ»ን የመረጠ ሰው፣ ከአምስት ኪሎ የሚበልጥ ዕቃ ክብደት ከክብሪት ሳጥን ብዙም በማይሰፋ ቦታ ላይ አርፎ የሦስት ወረቀት ያህል ብቻ ይጫናል እያለ ነው። «ለ»ም ቢሆን ከግማሽ ደስጣ ወረቀት ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ደስጣ 500 ወረቀት ነው።

«ዩኒቱን መጀመሪያ ብቀይረውም መጨረሻ ላይ ብቀይረውም ለውጥ የለውም።»

የሚቀየረው መጠን በቀመሩ ውስጥ ካሬ ካልሆነ እውነት ነው። ካሬ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል። ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል፤ ካይኔቲክ ኢነርጂው ስንት ጁል ነው? በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ለ3.6 ሲካፈል በሰከንድ 20 ሜትር ይሆናል። ½ × 1,000 × 20² = 200,000 ጁል።

72ን ሳይቀይር የሠራ ሰው 2,592,000 ያገኛል። ቆይቶ መቀየር እንደነበረበት ትዝ ሲለው ይህንኑ ለ3.6 ያካፍልና 720,000 ይጽፋል። ሁለቱንም ቁጥሮች ምርጫው ውስጥ ያገኛቸዋል። ፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ 3.6ም ካሬ ሆኖ 12.96 መሆን ነበረበት፤ 2,592,000ን ለ12.96 ያካፈለ 200,000 ላይ በትክክል ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከማስታወስ ግን፣ አንዲት ቁጥር ቀመሩ ውስጥ ሳትገባ ሁሉንም ወደ ሜትር፣ ኪሎ ግራምና ሰከንድ መቀየር ይቀላል።

«በዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሰጠን ሁልጊዜ 273 እንጨምራለን።»

መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ሙቀቱ ራሱ ነው ወይስ የሙቀቱ ለውጥ የሚለው ነው። የጋዝ ሕጎች የሚፈልጉት ራሱን ሙቀቱን ነው። 2.0 ሊትር ጋዝ ግፊቱ ሳይቀየር ከ27 ወደ 54 ዲግሪ ቢሞቅ፣ «ሙቀቱ እጥፍ ሆነ» ብሎ 4.0 ሊትር የሚመርጥ ሰው ይሳሳታል። በኬልቪን 300 የነበረው 327 ሆነ እንጂ እጥፍ አልሆነም፤ 2.0 × 327 ÷ 300 ወደ 2.2 ሊትር ነው። በሌላ በኩል ውኃ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ ለውጡ 25 ዲግሪ ነው፤ በኬልቪንም 25 ነው። እዚህ ላይ 273 ጨምሮ 298 ያደረገ ሰው የሚያገኘው ሙቀት ኃይል ከትክክለኛው 12 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

እስካሁን ያየናቸው ምርጫዎች የሚራራቁት በጣም ነው። ምርጫዎቹ የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ አሃዞች ብቻ ከሆነ፣ የሚፈተነው ሌላ ነገር ነው፦ ጉልህ አሃዝ፣ ወይም ተማሪው በተለምዶ እንደሚጠራው ሲግኒፊካንት ፊገር።

«ከተሰጡት ቁጥሮች ትንሹ ጉልህ አሃዝ ያለው ሦስት ከሆነ፣ መልሱም ሦስት ይኖረዋል።»

ይህ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ላለበት ጥያቄ ይሠራል። መደመርና መቀነስ ውስጥ የሚቆጠረው ከነጥብ በኋላ ያለው ቦታ ነው። አንድ ጥያቄ ሁለቱን ሲያቀላቅል ደግሞ፣ ጎበዝ ተማሪም ይወድቅበታል። ለምሳሌ፦

መስመር ባለው መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ 25.0 ሚሊ ሊትር ውኃ አለ። 27.62 ግራም የሚመዝን የብረት ቁራጭ ሲገባበት ውኃው 28.5 ላይ ደረሰ። የብረቱ እፍጋት በግራም በሚሊ ሊትር ስንት ነው?

ሀ) 7.891
ለ) 7.89
ሐ) 7.9
መ) 7.87

25.0 ሦስት፣ 28.5 ሦስት፣ 27.62 አራት ጉልህ አሃዝ አላቸው። ስለዚህ ብዙው ሰው ሦስት አሃዝ ያለውን «ለ»ን ይመርጣል። ነገር ግን ከማካፈሉ በፊት መቀነስ አለ። 28.5 − 25.0 = 3.5 ነው። ሁለቱም ንባቦች ከነጥብ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ስላላቸው ውጤቱም አንድ ቦታ ብቻ ይኖረዋል፤ 3.50 ብሎ መጻፍ አይቻልም። ሦስት አሃዝ የነበራቸው ሁለት ቁጥሮች ተቀናንሰው ሁለት አሃዝ ቀረ። ከዚህ በኋላ 27.62 ÷ 3.5 ካልኩሌተር ላይ 7.8914… ቢያሳይም፣ ይዘቱ ሁለት ጉልህ አሃዝ ስላለው መልሱ 7.9 ነው፤ «ሐ»።

ሦስተኛው አሃዝ ለምን እንደማይታመን በቁጥር ማየት ይቻላል። በይዘቱ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ስህተት አለ ብንል፣ 3.4 ሲሆን እፍጋቱ 8.1 ይሆናል፣ 3.6 ሲሆን 7.7። ሁለተኛው አሃዝ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሦስተኛውን መጻፍ ያልለኩትን መናገር ነው።

«መ» ላይ ያለው 7.87 ደግሞ ለሚያነብ ተማሪ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። የንጹሕ ብረት እፍጋት በሰንጠረዥ ላይ 7.87 ስለሆነ፣ በቃሉ የያዘ ሰው ሳያሰላ ይመርጠዋል። ጥያቄው ግን የጠየቀው ከዚህ ልኬት የሚገኘውን እንጂ በሰንጠረዥ ያለውን አይደለም።

«በየደረጃው እያጠጋጋሁ ብሄድ ይቀለኛል፣ መልሱም ያው ነው።»

5.00 ግራም የገበታ ጨው 250.0 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ውስጥ ሟሙቶ አለ፤ የጨው የሞላር ክብደት 58.5 ነው። ሞላሪቲው ስንት ነው? 5.00 ÷ 58.5 = 0.08547 ሞል። ይህን ሳያጠጋጉ ለ0.2500 ሊትር ሲያካፍሉት 0.3419 ይመጣል፤ በሦስት ጉልህ አሃዝ 0.342።

መሐል ላይ 0.085 ብሎ ያጠጋጋ ሰው 0.340 ያገኛል፣ ያውም ምርጫው ውስጥ ያገኘዋል። የሚገርመው ይህ ሰው ሦስት አሃዝ የያዘ ይመስለዋል፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት ቦታ አለና። ከፊት ያሉት ዜሮዎች ግን ቦታ ከማሳየት በቀር ጉልህ አይደሉም፤ 0.085 ያለው 8 እና 5 ብቻ ነው። ሚሊ ሊትሩን ወደ ሊትር ያልቀየረውም 0.000342 ብሎ ያገኘዋል፤ ለእሱም ምርጫ ተዘጋጅቶለታል።

መሐል ላይ ከሚፈለገው በላይ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ተጨማሪ ይዞ መጓዝ በቂ ነው። ማጠጋጋቱ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሁን።

«ጥያቄው ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ ጉልህ አሃዙ ይቆጠራል።»

የሚቆጠረው የተለካ ቁጥር ነው። ፔንዱለም 20 ጊዜ ለመወዛወዝ 31.4 ሰከንድ ቢወስድበት፣ የአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ 1.57 ሰከንድ ነው፤ 1.6 ወይም 2 አይደለም። 20 ተቆጥሮ የተገኘ ነው፤ 19.8 ሊሆን አይችልም። በቀመር ውስጥ ያለው ½፣ በደቂቃ ውስጥ ያለው 60 ሰከንድ፣ በኢንች ውስጥ ያለው 2.54 ሳንቲ ሜትርም እንዲሁ በትርጉም የተወሰኑ ስለሆኑ መልሱን አይገድቡትም። የጨው 58.5 ግን ከተለካ ቁጥር ተጠጋግቶ የመጣ ስለሆነ ይቆጠራል።

ፓይ ትክክለኛ ቁጥር ቢሆንም የምንጽፈው ተቆርጦ ነው። ራዲየሱ 3.000 ሜትር የሆነ ክብ ስፋቱ 28.27 ሜትር ካሬ ነው፤ በ3.14 ያባዛው ግን 28.26 ያገኛል። ልኬቱ አራት ጉልህ አሃዝ ካለው ፓይን ቢያንስ በአምስት አሃዝ፣ 3.1416 ብሎ መጠቀም ያስፈልጋል።