ሽያጩ ጨመረ፣ ትርፉ የት ገባ? ስለ ሽያጭ ቦነስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከሽያጩ ሁለት ፐርሰንት ብሰጣቸው ምን ይጎዳኛል?»

ሁለት ሻጮች፣ አንዲት ገንዘብ ተቀባይና ስቶር የሚሠራ አንድ ልጅ ያሉበት ጫማ ቤት ቫቱ ሳይቆጠር በወር 600,000 ብር ይሸጣል እንበል። 450,000ው የጫማው መግዣ ነው። ከቀረው 150,000 ላይ ለኪራይ፣ ለደሞዝ፣ ለመብራትና ለጥቃቅኑ ወጪ 110,000 ሲወጣ ለባለቤቱ 40,000 ይቀራል። ያቺ «ሁለት ፐርሰንት» ደግሞ 12,000 ብር ናት፤ ከትርፉ 30 ፐርሰንቱን ይዛ ትሄዳለች። ባለቤቱ ወደ ድሮው 40,000 ለመመለስ ብቻ ሽያጩ ወደ 652,000 መድረስ አለበት።

ችግሩ የፐርሰንቱ መጠን ብቻ አይደለም። ያለ ቦነስም ይሸጥ ለነበረው ዕቃ ቦነስ መከፈሉ ነው ትልቁ ቀዳዳ። ስለዚህ መነሻ ይቀመጥ፤ ቦነሱ የሚታሰበውም ከመነሻው በላይ ለተሸጠው ይሁን። በዚሁ ቤት መነሻው 600,000 ሆኖ ሽያጩ 700,000 ቢደርስ፣ ከተጨማሪው 100,000 ላይ 25,000 ያልተጣራ ትርፍ ይገኛል። ለሠራተኞቹ 6,000 ቢሰጥ 19,000 ለቤቱ ይተርፋል። በሁለት ፐርሰንቱ አካሄድ ግን 14,000 ከፍሎ 11,000 ነበር የሚተርፈው። ሽያጩ ባልጨመረበት ወር ደግሞ ባለቤቱ ምንም አይከፍልም።

«ብዙ ከተሸጠ ትርፉም አብሮ ይጨምራል እንጂ የት ይሄዳል?»

ወደ ቅናሽ ይሄዳል። እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ኮሚሽን በጀመርኩበት በመጀመሪያው ወር ሽያጩ ከፍ አለ፣ ደስም አለኝ፤ ወሩ ሲዘጋ ግን በእጄ የቀረው ከበፊቱ ያንሳል። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ 3,000 ብር የሚባለው ጫማ ሁሉ 2,700 ወጥቷል። ሱቁ ጥግ ቁጭ ብዬ ስሰማ ያቺ ጎበዝ ሻጭ፣ ገና ደንበኛዋ «ስንት ነው?» ስትላት፣ ማንም ሳይጠይቃት «ላንቺ ስል 2,700 ውሰጃው» ትላለች። ድሮ «ኧረ ባለቤቱ አይፈቅድም» ብላ የምትከራከር ልጅ ነበረች።

ሒሳቡ ሲታይ ግን አልፈርድባትም። ጫማው በ2,250 ተገዝቶ በ3,000 ሲሸጥ 750 ብር ይገኝበታል። 300 ብር ሲቀነስ ትርፉ 450 ይሆናል፤ ከዋጋው 10 ፐርሰንት ወርዶ ከትርፉ 40 ፐርሰንት ጠፋ ማለት ነው። እሷ 6 ፐርሰንት የሚታሰብላት ከሆነ ከ180 ወደ 162 ነው የምትወርደው። እኔ 300 ስከስር እሷ 18 ብር ብቻ ታጣለች፤ ከመከራከር በቅናሽ ቶሎ ሸኝታ ሌላ ደንበኛ መያዝ ይሻላታል። ያንን እንድታደርግ የከፈልኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቦነሱ መታሰብ ያለበት በሽያጩ ሳይሆን በየጥንዱ በሚገኘው ትርፍ ላይ ነው።

«በትርፍ ካሰብኩማ መግዣዬን ሊያውቁብኝ ነው!»

ከመርካቶ ዕቃውን ተሸክሞ የሚያመጣ ልጅ መግዣውን አያውቅም ብሎ የሚያምን ባለሱቅ ካለ ይገርመኛል። ቢሆንም ምስጢሩን መጠበቅ ለሚፈልግ ነጥብ ይበቃዋል። በተለጠፈው ዋጋ የተሸጠ ጥንድ 10 ነጥብ ያገኛል። እስከ 100 ብር ከተቀነሰለት 8፣ ከዚያ በላይ እስከ 300 ብር ከተቀነሰለት 4፣ ከ300 ካለፈ ግን ዜሮ። መደርደሪያ ላይ የከረመና ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ዕቃ ሲሆን ካርቶኑ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበታል፤ እሱ በቅናሽም ቢሸጥ 10 ነጥብ አለው፤ ምክንያቱም መውጣቱን የምንፈልገው እኛው ነን።

መነሻው ያለፉት ወራት ደረሰኞች በዚሁ ሚዛን ተቆጥረው ይወጣል። ቤቱ በደህና ወር 1,800 ነጥብ ያመጣ ከነበረ፣ 2,200 ሲያመጣ ከመነሻው በላይ ያለው 400 ነጥብ ነው። አንዱ ነጥብ 18 ብር ቢታሰብ 7,200 ብር ለቡድኑ ይደርሳል። 18 ብሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ከአንድ ጥንድ ትርፍ፣ ከ750 ብር፣ ሩቡ 187 ብር ገደማ ነው፤ ለ10 ነጥብ ሲካፈል ወደ 18 ይመጣል። ትርፉ ከዚህ የሚያንስ ወይም የሚበልጥ ጫማ ካለ ነጥቡም እንደዚያው ይስተካከል።

ነጥብ ሌላም ጥቅም አለው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲንር አይተናል። በብር የተቀመጠ መነሻ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ማንም ሳይለፋ ይታለፋል፤ ባለቤቱ ለዋጋ ንረቱ ቦነስ ሲከፍል ይኖራል። ነጥብ ግን ጥንድ ነው የሚቆጥረው።

የበዓል ወራት ግን በነጥብም አይስተካከሉም። የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ሰሞን ሽያጭ ከክረምቱ ጋር በአንድ መነሻ ከተለካ፣ በሐምሌ ማንም አይደርስበትም፣ በበዓሉ ሰሞን ቦነሱ ያለ ድካም ይገኛል። ለእያንዳንዱ ወር ያምናውን የዚያኑ ወር መነሻ መውሰድ ይሻላል።

«ቦነሱ ለሻጮቹ ብቻ ነው፤ ሌላው ደሞዙ ይበቃዋል»

አራት ሰው ባለበት ሱቅ ይህ የሚያመጣው ሽኩቻ ነው። ደንበኛ በር ላይ ሲታይ ሁለቱም ሻጮች ይነሳሉ። አንዷ 38 ቁጥር ስታስለካ ሌላዋ ቆማ ታያለች እንጂ ካርቶን አታቀብልም። ስቶር ያለው ልጅ «41 አምጣ» ሲባል ጊዜውን ወስዶ ይመጣል፤ ደንበኛው በመሃል ይወጣል። ያ ሽያጭ የጠፋው ስቶር ውስጥ ነው፤ ቦነሱ ግን ስቶሩን አያውቀውም።

በዚህ መጠን ባለ ቡድን ቦነሱን በአንድ ላይ አድርጎ ለሁሉም ማካፈል ያዋጣል። 7,200ው ለሁለቱ ሻጮች 30፣ 30 ፐርሰንት፣ ለገንዘብ ተቀባይዋና ለስቶሩ ልጅ 20፣ 20 ቢከፋፈል፣ 2,160 እና 1,440 ይደርሳቸዋል። «ሰነፉ በሌላው ላብ ይበላል» የሚል ስጋት አለ፤ እውነት ነው፣ ሰው ሲበዛ ይከሰታል። አራት ሆነው ግን ማን እንደሚሠራና ማን ስልኩን እንደሚነካካ ይተዋወቃሉ፤ ከባለቤቱ በፊት እነሱ ይናገሩታል።

«ደረሰኝ ከተቆረጠ ቦነሱም ተገኘ ማለት ነው»

የዱቤ ሽያጭ ነጥብ የሚያገኘው ገንዘቡ ሲገባ ነው። አለዚያ ሻጩ የማይከፍል ሰው እየመረጠ ይሸጥልሃል። የተመለሰ ጫማ ነጥቡ ከሚቀጥለው ወር ነጥብ ይቀነሳል እንጂ ከደሞዝ አይቆረጥም። ይህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ።

«አንዴ ከጀመርኩ ደሞዝ ሆኖ ይቀርብኛል»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ቦነስንና ኮሚሽንን እንደ ደመወዝ አይቆጥራቸውም። ያ ማለት ግን የተገባውን ቃል እንደፈለጉ መሰረዝ ይቻላል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ይህ አሠራር ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ መነሻው እንደገና ይታያል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ከቦነሱ ላይ የሥራ ግብር እንደሚቆረጥም ቀድሞ ይነገራቸው፤ 2,160 ጠብቆ ያነሰ የሚቀበል ሰው የሚያኮርፈው በግብሩ ሳይሆን ባለቤቱ ላይ ነው።