የኤሌክትሪክ ሥራውን ጨርሼ ቤቱን ሳስረክብ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ከፍ ባለ አምፔር ይቀየርልኝ።»

ይህን ሳልሰማ ያስረከብኩት ቤት ያለ አይመስለኝም። ብሬከር የሚጠብቀው ምድጃዎን ወይም ቴሌቪዥንዎን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ለሶኬቶቹ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ስለዘረጋሁ 16 አምፔር ብሬከር ገባበት፤ ለመብራቱ ሽቦው 1.5፣ ብሬከሩ 10 ነው። ብሬከር የሚመረጠው የሽቦው ውፍረት ታይቶ ነው እንጂ የባለቤቱ ትዕግሥት ታይቶ አይደለም።

እስቲ እናስላው። 220 ቮልት በ16 ሲባዛ 3520 ዋት ነው። 2200 ዋት የውሃ ማፍያ፣ 2000 ዋት ምድጃ እና 1000 ዋት ካውያ በአንድ መስመር አብረው ሲሠሩ 5200 ዋት፣ ማለትም 24 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ብሬከሩ ወዲያው አይወርድም፤ ውስጡ ያለው ብረት ሞቆ እስኪታጠፍ ይታገሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ይህ ሥራው ነው። አንዱን ዕቃ ወደ ሌላ መስመር ያዙሩት።

አንድ ደንበኛዬ ግን «ሰላም ላግኝ» ብሎ 32 አስገባ። እውነትም መውረዱ ቆመ። ከወራት በኋላ «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል» ብሎ ጠራኝ። ሶኬቱ ቢጫ ሆኗል፣ መሰኪያው ያቃጥላል። ስከፍተው የሽቦው ልባስ ደርቆ፣ ጎንበስ ሳደርገው ተሰነጣጠቀ። መስመሩን በሙሉ አውጥተን እንደገና ዘረጋን።

ከመደወልዎ በፊት ይህን ይዩ። ብሬከሩ የወረደው ዕቃዎቹ ጥቂት ከሠሩ በኋላ ከሆነ ጭነት በዝቷል። አንድ ዕቃ ሲሰኩ ወዲያው ከወረደ ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ሁሉም ተነቅሎ እንኳ ሲያነሱት ወዲያው የሚወርድ ከሆነ ግን መስመሩ ላይ ሾርት አለ፤ ደጋግመው አያንሱት፣ ያኔ ይጥሩኝ። የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ የሚያሳይ ዝርዝር የብሬከሩ ሳጥን በር ጀርባ ላይ ለጥፌያለሁ፤ እባክዎ አይቅደዱት።

«ቴስት የሚለውን ቁልፍ ከነካሁት ይበላሻል።»

የተሠራው ለመነካት ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው አካል ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ላይ ያለ ቁልፍ ነው። በየጥቂት ወሩ ይጫኑት፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መሣሪያው ሞቷል፣ ይቀየር። ቁልፉ የሚፈትነው ግን መሣሪያውን ብቻ ነው፤ የኧርዝ መስመሩን በመለኪያ የፈተንኩት እኔ ነኝ፣ ውጤቱም ከዝርዝሩ ጋር ተጽፏል።

«አምፖል ለመቀየር ማጥፊያውን ማጥፋት ይበቃል።»

አይበቃም። ብሬከሩን ያውርዱ።

«ሽቦው የት እንዳለፈ አውቃለሁ፣ ሚስማር ልምታ።»

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ልኬልዎታለሁ። መጀመሪያ እነሱን ይዩ። በልማድ ሽቦ ከሶኬትና ከማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፤ እዚያ መስመር ላይ መዶሻ አይነሣ።