ጤፍ ተወደደ፤ ግን በየትኛው ምክንያት?

«ዋጋ የሚሰቅለው ነጋዴው ነው» የሚለው ክርክር ደጋግሞ ስለተነሳ በደሴ ገበያ ምሳሌ ላስረዳ።

አንድ ነጋዴ በሳምንት 100 ኩንታል ጤፍ ይሸጣል እንበል። ሰው እጅ ላይ ብር በዛ፣ ጤፉ ግን ያው ነው። ገዢው ይሻማል፣ ዋጋው ይወጣል። ይህ የፍላጎት ግፊት ነው። ነዳጅ ተወዶ የጭነት ኪራይ ቢጨምርስ? ነጋዴው ጭማሪውን ዋጋው ላይ ይጥላል። ይህ የወጪ ግፊት ነው።

እንዴት ይለያሉ? የሚሸጠውን መጠን እዩ። በፍላጎት ግፊት ጊዜ ዋጋው ወጥቶም 100 ኩንታሉ ቶሎ ያልቃል። በወጪ ግፊት ጊዜ ግን 80 ይሸጥና 20ው መጋዘን ያድራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛውን፣ ግምትን ነው። ኪራዩ ገና ሳይጨምር ነጋዴው «በሚቀጥለው ወር በዚህ ዋጋ አላገኘውም» ብሎ ዛሬውኑ ይጨምራል። እማወራዋም «ሳይብስበት» ብላ የሁለት ወር አስቤዛ ትሸምታለች። ስጋቱ ራሱ ዋጋውን ያንረዋል።

አንድ ነገር እርግጥ ነው፦ የጤፍ ብቻ መወደድ የዋጋ ንረት አይባልም። የአብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ ተከታትሎ ሲወጣ ነው። የሦስቱ ድርሻ ግን ከጊዜ ጊዜ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም ተደባልቀው ይመጣሉ።