ቋሚና ተለዋዋጭ ወለድ፦ ምጣኔው ሲቀየር ሸክሙ የማን ነው?

የብድር ወለድ በሁለት መንገድ ይቆረጣል። በቋሚ ወለድ ውል በፊርማው ቀን የተስማሙበት ምጣኔ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ፣ ወይም ቢያንስ ውሉ እስከጠቀሰው ዓመት ድረስ፣ ገበያው ወዲህም ሄደ ወዲያ አይነካም። በተለዋዋጭ ወለድ ውል ግን ምጣኔው በየሦስት ወሩ፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እንደገና ይሰላል። ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ነገሮች ድምር ነው፦ አንደኛው ከአበዳሪው ባንክ ውጭ የሚወሰን ማጣቀሻ ምጣኔ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባንኩ ለወጪው፣ ለትርፉና ብድሩ ሳይመለስ ሊቀር ለሚችልበት ስጋት የሚጨምረው፣ በውሉ ዘመን የማይለወጥ ልዩነት ነው። ማጣቀሻው 3 በመቶ፣ ልዩነቱም 3 በመቶ ከሆነ ተበዳሪው 6 በመቶ ይከፍላል፤ ማጣቀሻው ወደ 6 በመቶ ሲወጣ ወለዱ 9 በመቶ ይሆንበታል።

ማጣቀሻውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ላይቦር ባንኮች ራሳቸው በሚያቀርቡት ግምት ላይ የቆመ ነበር፤ አንዳንዶቹ ግምቱን ለጥቅማቸው ሲያዛቡ ከተገኙ በኋላ የዶላሩ ላይቦር እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ተቋርጦ፣ በተፈጸሙ ግብይቶች ላይ የተመሠረተው ሶፈር ተተካ። ከዚህ የባሰው ግን ማጣቀሻ የሌለው ውል ነው። «ባንኩ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወለዱን ሊያሻሽል ይችላል» የሚል አንቀጽ የፈረመ ሰው የተሸከመው የገበያውን መዋዠቅ ብቻ ሳይሆን የአበዳሪውንም ውሳኔ ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይጠራል። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ አንድ ሰው 1,000,000 በ6 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ20 ዓመት ውስጥ በየወሩ እኩል እየከፈለ ሊጨርስ ተስማማ እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 7,164 ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 5,000ው ወለድ ስለሆነ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 2,164 ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን ሁለት ዓመት ከከፈለ በኋላ ቀሪ ዕዳው 945,000 ያህል ነው። በዚህ ጊዜ የገበያው ወለድ ወደ 9 በመቶ ቢወጣ ምን ይፈጠራል?

ውሉ ተለዋዋጭ ከሆነና ብድሩ በተባለው ጊዜ ማለቅ ካለበት፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 8,849 ያድጋል። ወለዱ የጨመረው በሦስት የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከኪሱ የሚወጣው ገንዘብ ግን በ23 በመቶ ተኩል ጨምሯል። አንዳንድ ውሎች ይህን ድንጋጤ ለማለዘብ ወርሃዊ ክፍያውን ሳይነኩ የመክፈያ ዘመኑን ያራዝማሉ። ደግነት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። በ9 በመቶ የአንዱ ወር ወለድ ብቻ 7,087 ስለሚሆን ከቀድሞው ክፍያ ውስጥ ለዋናው ዕዳ የሚተርፈው 77 ብቻ ነው፤ በዚህ አካሄድ ቀሪው ዕዳ የሚያልቀው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ወለዱ ከ9.1 በመቶ ጥቂት ካለፈ ደግሞ ክፍያው ለወለዱም አይበቃም፤ ያልተከፈለው ወለድ በዕዳው ላይ ይደመራል፣ ሰውየውም በየወሩ እየከፈለ ዕዳው ያድግበታል። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ምሳሌ አይደለም። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 እስከ ጁላይ 2023 ምጣኔውን ከ0.25 ወደ 5 በመቶ ሲያወጣ፣ ወርሃዊ ክፍያው የማይለወጥ ተለዋዋጭ ወለድ የያዙ ብዙ የቤት ተበዳሪዎች እዚህ ነጥብ ላይ ደርሰዋል። ምልክቱን ከባንኩ በሚመጣ የሒሳብ መግለጫ ላይ ማየት ይቻላል፦ መታየት ያለበት የክፍያው መጠን ሳይሆን ከወር ወር የቀሪ ዕዳው ቁጥር ነው።

አሁን ያንኑ ብድር በቋሚ ወለድ እንየው። ተበዳሪው 7,164ቱን እየከፈለ በሰላም ይቀጥላል፤ የ9 በመቶው ዓለም እሱን አይመለከተውም። ኪሳራው ግን አልጠፋም፤ ወደ ባንኩ ተሻግሯል። ባንኩ ያበደረው ገንዘብ በአብዛኛው የአስቀማጮች ነው፤ አስቀማጮች ደግሞ የገበያው ወለድ ሲጨምር የተሻለ ወለድ ይጠይቃሉ፣ ካላገኙም ገንዘባቸውን ያወጣሉ። በ3 በመቶ ሰብስቦ በ6 በመቶ ያበደረ ባንክ፣ ለአስቀማጮቹ 7 በመቶ መክፈል ግድ ሲሆንበት በእያንዳንዱ የቆየ ብድር ላይ ይከስራል። ብድሩን ለሌላ ልሽጥ ቢል ደግሞ፣ ገዢው ከገንዘቡ 9 በመቶ ማግኘት ስለሚፈልግ፣ ለ945,000ው ዕዳ የሚሰጠው 765,000 ገደማ ብቻ ነው። የጎደለው 180,000 ተለዋዋጭ ወለድ የያዘው ተበዳሪ በ18 ዓመት ውስጥ በጭማሪ የሚከፍለው ሸክም በዛሬ ዋጋ ሲመነዘር የሚመጣው ቁጥር ነው። ተሸካሚው ተለወጠ እንጂ ሸክሙ አንድ ነው።

በአሜሪካ ለቤት መግዣ የሚያበድሩ የቁጠባና ብድር ተቋማት ይህን በከባድ ዋጋ ተምረውታል። ለ30 ዓመት በቋሚ ወለድ አበድረው ሳለ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ በፖል ቮልከር መሪነት የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲነሣ የአጭር ጊዜ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ 20 በመቶ አካባቢ ደረሰ፤ ብዙዎቹ ተቋማት ከዚያ አላገገሙም። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የወደቀው ሲሊኮን ቫሊ ባንክም በመሠረቱ ያው ችግር ነበረበት፦ የአስቀማጮቹን ገንዘብ ቋሚ ወለድ በሚከፍሉ የረጅም ጊዜ ቦንዶች ላይ አውሎት ነበር፤ ወለድ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ፣ ባንኩ ከፊሉን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ሲያስታውቅ አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ተረባረቡ።

እንግዲያው ባንኮች ሁሉንም በተለዋዋጭ ወለድ ቢያበድሩ ከስጋት ነፃ ይወጡ ነበር ወይ? አይወጡም። ከላይ ያየነው ተበዳሪ 1,685 ጭማሪውን መክፈል ካቃተው፣ ባንኩ በበሩ ያስወጣው የወለድ ስጋት ያልተከፈለ ብድር ሆኖ በመስኮት ይመለስበታል። ይባስ ብሎ ወለዱ የሚጨምረው በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ መክፈል የሚያቅታቸውም በአንድ ወቅት ይበዛሉ፤ መያዣ ቤቶቹም አብረው ለሽያጭ ሲወጡ ዋጋቸው ይወርዳል። ገቢው ከወለዱ ጋር አብሮ የሚያድግ ነጋዴ ተለዋዋጩን ሊችለው ይችላል፤ ቋሚ ደመወዝ ላለው ሠራተኛ ግን ያው ውል እጅግ የከበደ ነው። እኔ ከምጣኔው በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ወለድ ሲወርድ የሁለቱ ወገኖች ዕጣ ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም። የተለዋዋጩ ተበዳሪ ምንም ሳያደርግ ክፍያው ይቀንስለታል። የቋሚው ተበዳሪ ደግሞ ውሉ ከፈቀደለት በዝቅተኛ ወለድ አዲስ ብድር ወስዶ የቀድሞውን ይዘጋል፤ ባንኩም 6 በመቶ ያስገኝለት የነበረው ገንዘብ በ4 በመቶ ዘመን እጁ ላይ ይመለስበታል። ማለትም ያለ ቅጣት ቀድሞ መክፈል የሚፈቀድበት ቋሚ ብድር፣ ወለድ ቢጨምር ባንኩን የሚጎዳ፣ ቢቀንስም ባንኩን የማይጠቅም ውል ነው። ባንኮች ይህን መብት በነፃ አይሰጡም፦ ወይ በቋሚው ወለድ ላይ አስቀድመው ይጨምሩበታል፣ ወይ ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቅጣት ያስቀምጣሉ፣ ወይ እንደ ብሪታንያ ባንኮች ወለዱን በአብዛኛው ለሁለት ወይም ለአምስት ዓመት ብቻ ቋሚ አድርገው ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን መልሰው ለተበዳሪው ይተዉለታል። በአሜሪካ የ30 ዓመቱ ቋሚ ብድር እስካሁን የቆየው አብዛኛው ብድር ከባንኩ መዝገብ ወጥቶ፣ በመንግሥት ድጋፍ በቆሙ ተቋማት ዋስትና ተሰጥቶት፣ በቦንድ መልክ ስለሚሸጥ ነው፤ ስለዚህ ወለድ ሲጨምር የሚከስረው ብድሩን የሰጠው ባንክ ሳይሆን ቦንዱን የያዘው የጡረታ ፈንድ ወይም ሌላ ባንክ ሊሆን ይችላል።