የዋይፋይ ስምና ፓስወርድን በራውተሩ ገጽ ሳይሆን በአቅራቢው አፕ መቀየር

የዋይፋይ ፓስወርድ መቀየር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የድሮውን መንገድ ነው፣ ብሮውዘር ከፍቶ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብሎ መጻፍ፣ ራውተሩን ገልብጦ ከስሩ የተለጠፈውን ወረቀት እያዩ admin ምናምን ብሎ መግባት፣ ከዛ ዋየርለስ የሚለውን ፍለጋ ከሜኑ ሜኑ መዞር። አሁን ግን ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይሄን ስራ ወደ ራሳቸው የሞባይል አፕ አምጥተውታል፣ አንዳንዶቹም ከራውተሩ ገጽ ላይ ቦታውን ጭራሽ አንስተውት ገብታችሁ ስትፈልጉ አፑ ላይ ቀይሩ የሚል ጽሁፍ ብቻ ነው የምታገኙት። ከላይ ሲታይ ያው አንድ ነገር ነው፣ ስም ትጽፋለህ፣ ፓስወርድ ትጽፋለህ፣ ሴቭ ትላለህ። ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፣ ሰው አፑ ላይ ግራ የሚጋባበት ነገርም አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

በራውተሩ ገጽ ስትቀይሩ ስልካችሁ ወይ ላፕቶፓችሁ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ነው የሚያወራው፣ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም፣ ግን እቤት መሆን አለባችሁ። በአፑ ሲሆን ጥያቄያችሁ መጀመሪያ ድርጅቱ ሰርቨር ጋ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ለራውተሩ ይነግረዋል። ራውተሩና ሰርቨሩ የሚግባቡበት በጣም የተለመደው ደንብ ቲአር-069 ይባላል፣ በ2004 የወጣ ነው፣ በ2018 ደግሞ ቲአር-369 የሚባል ተተኪ መጥቶለታል፣ የራሳቸውን ሲስተም የሰሩ ድርጅቶችም አሉ። አሰራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰርቨሩ ራውተሩን አንኳኩቶ "ደውልልኝ" ይለዋል፣ ራውተሩ ራሱ መልሶ ይደውልና ምን አለ ብሎ ይጠይቃል፣ ያኔ አዲሱ ስምና ፓስወርድ ይሰጠዋል። ስለዚህ ከቤት ውጪ ሆናችሁ፣ ሌላ ከተማም ብትሆኑ መቀየር ትችላላችሁ፣ የቤቱ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ግን አፑ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ራውተሩ ትእዛዙን የሚሰማበት መንገድ የለውማ።

አፑ ውስጥ ያለው ስራ አጭር ነው። በደንበኝነት አካውንታችሁ ትገባላችሁ፣ አብዛኛው ጊዜ በስልክ መልእክት የሚላክ ኮድ ይጠይቃል፣ ከዛ ኢንተርኔት ወይም Wi-Fi የሚለውን ነክታችሁ የኔትወርኩን ስም ስትከፍቱ ማስተካከያው ይመጣል። አንዳንዱ አፕ ስሙን SSID ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ሌላ ነገር አይደለም፣ ስልክ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ስም ነው።

አስቸጋሪው ሰአት ሴቭ ካላችሁ በኋላ ያለው ነው። ራውተሩ አዲሱን ሲቀበል ዋይፋዩን አጥፍቶ ያበራል፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይቋረጣል፣ ቀያሪው ስልክም አብሮ ይቋረጣል። አፑ ደግሞ "ተሳክቷል" የሚለውን መልስ በዛው በተቋረጠው ዋይፋይ በኩል ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ይሽከረከር ይሽከረከርና ስህተት ተፈጥሯል ይላል፣ ነገሩ ግን ተቀይሯል። ሰው ይሄኔ ደንግጦ እንደገና ይጽፋል፣ ሁለተኛው ላይ አንድ ፊደል ይለያይና በቃ የትኛው እንደገባ አይታወቅም። ሞባይል ዳታ ከፍቶ ዋይፋይ አጥፍቶ መቀየር ይሄን ሁሉ ያስቀራል። ቢሳሳት እንኳን ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የስልኩን የዋይፋይ ዝርዝር ማየት ነው፣ አዲሱ ስም ካለ ገብቷል፣ አፑ ያለውን ተዉት። የቀየራችሁት ፓስወርዱን ብቻ ከሆነ ስሙ ያው ስለሆነ በዓይን አይለይም፣ ያኔ ስልኩ ላይ ኔትወርኩን Forget አድርጎ በአዲሱ መሞከር ነው።

የሚጻፈው ነገር ላይ ገደብ አለ፣ ለኛ ደግሞ ትንሽ ለየት ይላል። ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ምልክት ነው፣ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ያሉ ፊደሎች፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ብቻ፣ በግእዝ ፊደል አይሆንም። ስሙ ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል፣ አፑ ከፈቀደ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ አይፈቅዱም። ልኩ 32 ባይት ነው፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ስትይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ትይዛለች። "የላይኛው ቤት ዋይፋይ" 11 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ነው፣ ስትደምሩት 35 ይሆናል፣ አይገባም። "ላይ ቤት" ግን 13 ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም። አንዳንድ የቆየ ፕሪንተር የአማርኛ ስም ሲያይ የማይነበብ ምልክት ያሳያል፣ ስለዚህ እኔ በላቲን ይሻላል ባይ ነኝ፣ ደስ ባይልም። ሌላው የስልክ ኪቦርድ ነው፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ ያደርጋል፣ ቃል ሲመርጥላችሁ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ ያቺ የማትታይ ክፍት ቦታ እንደ አንድ ፊደል ትቆጠራለች። ፓስወርዱን የሚያሳየውን የዓይን ምልክት ነክቶ ማየት ነው።

እህቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከስንት ማብራሪያ ይሻላል። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይጎተትባታል፣ የአፑን የተገናኙ እቃዎች ዝርዝር ስታይ የማታውቃቸው ሁለት ስልኮች አሉ፣ ድሮ እንግዳ ለነበሩ ሰዎች የሰጠችው ፓስወርድ ጎረቤት ሁሉ ደርሷል። መጀመሪያ ስልኮቹን አፑ ላይ block አደረገቻቸው፣ አንድ ቀን ደህና ሆነ፣ በማግስቱ ሌላ የማታውቀው ስልክ ገባ። የአሁን ስልኮች ለዋይፋይ እውነተኛ አድራሻቸውን ሳይሆን የፈጠራ አድራሻ ስለሚሰጡ ሰውዬው ስልኩ ላይ ሴቲንግ ነካ አድርጎ እንደ አዲስ እቃ መግባት ይችላል፣ ብሎክ ማድረግ ፓስወርዱን የያዘ ሰው ላይ ብዙ አይሰራም።

ከዛ ስራ ቦታ ሆና ስሙንም ፓስወርዱንም በአፑ ቀየረችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ሰራ። ችግሩ ቤት ውስጥ 4 ስልክ፣ 2 ላፕቶፕ፣ 1 ቲቪ፣ 1 ፕሪንተርና 1 የበር ካሜራ አለ፣ ሁሉም ተቋረጡ፣ ካሜራውን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከስራ ቦታ ሆና ታየው ነበር። አፑ ፓስወርዱን ለራውተሩ ነው የሚነግረው እንጂ ለእቃዎቹ አይነግርም፣ እያንዳንዱ ጋ ሄዶ መንገር የሰው ስራ ነው። ማታ ስልኮቹና ላፕቶፖቹ ቶሎ አለቁ፣ ቲቪው በሪሞት ፊደል በፊደል ትንሽ አደከመ፣ ፕሪንተሩም በራሱ ስክሪን ገባ፣ ካሜራው ግን እምቢ አለ።

የካሜራው ምክንያት ብዙ ቤት የሚያጋጥም ነው። ራውተሩ በሁለት ሞገድ ያሰራጫል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ፣ አፑ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ስም ነው የሚያሳየው። ርካሽ ካሜራ፣ ሶኬትና አምፖል የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ስልኳ በ5 ላይ ስለነበር የካሜራው ማገናኛ እየፈለገ አያገኘውም። አፑ ላይ ሁለቱን ሞገድ መለያ ነበረው፣ ለየናቸውና ለ5ቱ ሌላ ስም ሰጠነው፣ ስልኩን በ2.4 አስገብተን ካሜራው ወዲያው ተያያዘ፣ ከዛ መልሰን አንድ ስናደርጋቸው ካሜራው አልተነካም፣ የሚያውቀው ስምና ፓስወርድ እዛው ነበራ። ይሄ መለያ የሌለው አፕ አለ፣ እዛ ላይ ከራውተሩ ራቅ ማለት ይረዳል፣ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ስለሚደክም ስልኩ ራሱ ወደ 2.4 ይወርዳል።

በነገራችን ላይ ስሙን መቀየሯ አላስፈለገም ነበር፣ ሰው የሚያስወጣው ፓስወርዱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእንግዳ ኔትወርክ ነበር፣ አፑ ላይ Guest የሚል ካለ ለመጣ ሰው ሁሉ የሱን ፓስወርድ መስጠት፣ ሲበዛ የሱን ብቻ መቀየር፣ ካሜራና ፕሪንተር ምንም አይሰሙም። አሁን እንደዛ ነው የምታደርገው።

አፑንም ገጹንም መጠቀም የሚቻልበት ራውተር ላይ ደግሞ የማን ቃል ይጸናል የሚል ጥያቄ ይመጣል። በገጹ የቀየራችሁትን አፑ ወዲያው ላያውቅ ይችላል፣ የድሮውን ፓስወርድ እያሳየ ይቆያል፣ ስለዚህ አፑ ላይ ያያችሁትን ለእንግዳ ስትሰጡ አይሰራም። ራውተሩ በቀዳዳው በመርፌ ተነክቶ ሪሴት ሲደረግ ከስሩ ወደተጻፈው ስምና ፓስወርድ ይመለሳል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን አንዳንድ ድርጅት ጋ ሰርቨሩ ያስቀመጠውን መልሶ ይጭንበታል፣ ሰው ከስሩ ባለው ገብቶ ከአስር ደቂቃ በኋላ የሚባረረው ለዚህ ነው። አዲስ ራውተር ሲመጣላችሁ ይሄን ነገር ወደ ራሳችሁ ጥቅም ማዞር ይቻላል፣ የድሮውን ስምና ፓስወርድ ትልቅ ትንሹን ፊደል ሳትስቱ እንዳለ አዲሱ ላይ ካስገባችሁት አብዛኛው እቃ ማንም ሳይነካው ራሱ ይገባል።

አፑ ላይ የዋይፋይ ቦታው ጭራሽ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራውተሩ የድርጅቱ አለመሆኑ ነው። ከሱቅ የተገዛ ራውተር ለድርጅቱ ሰርቨር አይታዘዝም፣ የሚቀየረው በራሱ ገጽ ወይም በአምራቹ አፕ ነው። የድርጅቱ ሳጥን ኢንተርኔት ብቻ እያሳለፈ ዋይፋዩን ሌላ ራውተር የሚሰጥበት ቤትም አለ፣ እዛ ላይ አፑ ውስጥ የምትቀይሩት ማንም የማይጠቀምበትን የሳጥኑን ዋይፋይ ሊሆን ይችላል፣ አፑ ተሳክቷል ይላል ስልካችሁ ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ሌላው አካውንቱ የማን ነው የሚለው ነው። በገጹ ለመቀየር ቤቱ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል፣ በአፑ ግን አካውንቱ ያለው ሰው የትም ሆኖ ይቀይራል፣ አሁን ያለውን ፓስወርድም ያያል። የተከራያችሁት ቤት ኢንተርኔት በቀድሞ ተከራይ ስም ከሆነ፣ ወይም ከቤት የወጣ ሰው ስልክ ላይ አፑ ከነአካውንቱ ካለ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ አስር ጊዜ ብትቀይሩ አዲሱን ከፍቶ ያነበዋል። እዛ ላይ መጀመሪያ የሚቀየረው የአካውንቱ ፓስወርድና ኮዱ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ነው፣ ከሌሎች ስልኮች ሁሉ ውጣ የሚል ምርጫ ካለ እሱንም መንካት፣ የዋይፋዩ ከዛ በኋላ ይደርሳል።