አንድ ፀሐይ፣ አራት ቤት፦ ስለ መንገድ ኤሌቬሽን የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ተያይዘው የቆሙ አራት ቤቶችን በአንድ ወረቀት ላይ በኤሌቬሽን፣ ማለትም ከመንገዱ ፊት ለፊት በሚታየው ገጽታቸው፣ ሳልኩ። ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከጀርባቸው የጦሳ ተራራ አለ። ከግራ ስንጀምር የመጀመሪያው ጂ ፕላስ 3 የኮንክሪት ህንጻ ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮ የለበሰ ዝቅ ያለ ጭቃ ቤት ነው። ሦስተኛው ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ የድሮ ድንጋይ ፎቅ፣ አራተኛው ደግሞ መስታወትና አልሙኒየም የለበሰ አዲስ ህንጻ ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አያጣም። ከተባሉት ውስጥ የተሳሳቱትን መርጬ ልመልስ።

«ይሄ ሥዕል ተበላሽቷል፤ መንገዱ እየራቀ ሲሄድ ቤቶቹ ማነስ የለባቸውም እንዴ?»

እሱ ፐርስፔክቲቭ ነው። ኤሌቬሽን ላይ ሁሉም ቤት ፊት ለፊት እንደቆምክበት ሆኖ በአንድ እስኬል ይሳላል። የእኔው 1:100 ነው፤ ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ሜትር ማለት ነው። ለዚህ ነው ማንኛውም ቤት ላይ ማስመሪያ አስቀምጠህ መለካት የምትችለው። ግን ጥልቀት ይጠፋል። የወጣ በረንዳና ግድግዳ ላይ የተቀባ አራት ማዕዘን በመስመር ብቻ ሲሳሉ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጥላ ነው።

«ጥላው ለማሳመር የገባ ነው፣ እንደፈለግክ ታደርገዋለህ»

የለም፣ ጥላው ይለካል። በሥነ ሕንጻ ሥዕል የቆየው ልማድ ብርሃኑ ከተመልካቹ ግራ ትከሻ በላይ፣ ከኋላ ይመጣል ይላል። ወረቀቱ ላይ በ45 ዲግሪ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይወርዳል። የዚህ ጥቅሙ ቀላል ነው፦ አንድ ነገር ከግድግዳው የወጣውን ያህል ጥላው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ያንኑ ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን ቤቶቹን እንያቸው። የጂ ፕላስ 3ቱ በረንዳ 1.2 ሜትር ወጥቷል፤ ወረቀቱ ላይ ከሥሩ 12 ሚሊ ሜትር ጥላ አለ። የጭቃ ቤቱ ክፈክፍ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር። የድንጋዩ ፎቅ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የመስኮቱ ላይኛውና ግራ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ጥላ ይጥላል። አዲሱ ህንጻ ላይ መስታወቱ የገባው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የእርሳስ ጭረት። ማን በድንጋይ፣ ማን በአልሙኒየም እንደተሠራ ሳትጽፍ ጥላው ይነግርሃል።

«ረጅሙ ህንጻ አጠገቡ ያለውን ጭቃ ቤት ፊት ማጨለም አለበት»

ይህን ያለኝ ግንበኛ ነው። አልፈርድበትም፣ እኔም በፊት እንደዚያ ነበር የምስለው። ሁለቱ ቤቶች መንገዱ ላይ እኩል ቆመዋል፣ የፊት ግድግዳቸው አንድ መስመር ላይ ነው። ብርሃኑ ደግሞ ከፊት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ረጅሙ፣ ሃያ ፎቅም ቢሆን፣ በጎረቤቱ የፊት ግድግዳ ላይ ጥላ አይጥልም። የሚጥለው ወደ ኋላ፣ ጣሪያው ላይ ነው።

ጣሪያው ላይ ያለው ጥላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቆርቆሮው ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው የረጅሙ ህንጻ ጥግ እንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ጥላ ሲጥል፣ የጥላው ጠርዝ በ45 ሳይሆን በጣሪያው ተዳፋት ልክ ይነሳል። ጣሪያው 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ጥጉ ቆርቆሮውን ከነካበት ቦታ ተነስተህ በ30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሽቅብ ታሰምራለህ። በ45 ካሰመርክ ጣሪያው ከሆነው በላይ ቀጥ ያለ ይመስላል።

አራተኛው ግን ሌላ ነው። ከሌሎቹ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ገብቶ ነው የተሠራው። ስለዚህ የድንጋዩ ፎቅ ጥግ እላዩ ላይ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የጥላ ሰቅ ይጥላል። ፎቁ 7 ሜትር ከሆነ፣ የሰቁ አናት ከ7 ሜትር ጀምሮ በ45 እየወረደ ውጫዊው ጠርዝ ላይ 5.5 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ቀጥ ብሎ እስከ መሬት። የአራተኛው ቤት ማፈግፈግ የሚታወቀው በዚህ ሰቅ ብቻ ነው።

«ያ የ45 ዲግሪ ነገር የፈረንጅ ደንብ ነው፣ እዚህ ፀሐይዋ እንደዚያ አትወጣም»

እኔም ተጠራጥሬ አሰላሁት። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ታኅሣሥ ውስጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ፀሐይዋ 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ፣ ከቀጥታ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትቆማለች። ወደ ምሥራቅ ያየ ቤት ፊት ለፊት ከቆምክ ደቡብ ግራህ ነው። 1 ሜትር የወጣ በረንዳ ጥላው ወደ ቀኝ 80፣ ወደ ታች 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከደንቡ ብዙም አይርቅም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። ያኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ጠዋት ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል፣ ጥላውም ወደ ግራ ይዞራል። (ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከተገኘች ነው እንግዲህ።) «ወደ ሰሜን ያየ ግድግዳ ፀሐይ አያይም» የሚለውም እዚህ አይሠራም፤ ሰኔ ላይ በቀትር ፀሐይ የሚመታው እሱ ነው።

«የእኔን ሱቅ ለምን አጨለምከው ልጄ? የጎረቤቴ እኮ በርቷል»

አብሽሪ እትዬ፣ ጥላው እኩል ነው። የእርስዎ ግድግዳ ጥቁር ቀይ ነው፣ የጎረቤትዎ ነጭ። ነጩ ጥላ ሲያርፍበት ግራጫ ይሆናል፣ ቀዩ ደግሞ ቡናማ። ሁለቱንም በተመሳሳይ መጠን ነው ያደበዘዝኳቸው። የምሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አራቱንም በየራሳቸው ቀለም እቀባና አደርቃለሁ። ከዚያ አንድ ስኒ የጥላ ውሃ ቀለም፣ ሰማያዊና ትንሽ ቡናማ፣ በጥብጬ የአራቱንም ጥላ በአንድ ቁጭታ እጨርሳለሁ። ስኒው አልቆ ሌላ ከበጠበጥኩ ቀለሙ ይለያል፣ ቤቶቹም በተለያየ ቀን የተሳሉ ይመስላሉ። ጥቁር አልጨምርም። በረንዳ ሥር ያለውን ጥላም ሳይደርቅ በውሃ ትንሽ አሳሳዋለሁ፣ ከአስፋልቱ የሚመለስ ብርሃን ስላለ።

መስታወቱ ላይ ግን ይህ ጥላ እምብዛም አይታይም፤ መስታወት የሚያሳየው ሰማዩን ነው። የ1.5 ሜትሩን ሰቅ አልሙኒየሙ ላይ ደፍሬ ቀባሁት፣ መስታወቱ ላይ ሲደርስ አሳሳሁት።

«ፎቶ ካለህ ምን ያስቸግራል? አይተህ መገልበጥ ነው»

ሦስቱን ቤቶች ታኅሣሥ ላይ በጠዋት አነሳኋቸው። አራተኛው ያኔ በባህር ዛፍ መወጣጫ ተሸፍኖ ነበር፣ ሰኔ ላይ ተመልሼ አነሳሁት። እሱም በጠዋት። ገልብጬ ስጨርስ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፣ ግን ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። የገባኝ የወጡትን ነገሮች በማስመሪያ ስለካ ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ጥላ ከወጣው ነገር ጋር ያለው ንጽጽር እኩል መሆን ነበረበት። ግን የሦስቱ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የአራተኛው ወደ ግራ ሄዷል። ያ የ1.5 ሜትር ሰቅም ጭራሽ አልነበረም። አራተኛውን ፍቄ፣ ፎቶውን ትቼ፣ በልኬት ብቻ እንደገና ሠራሁት።