ኮምፕሪሄንሲብል ኢንፑት እና የግራመር ክርክር፦ ደንብ ማወቅ አፍ ያስፈታል ወይ?

ኮምፕሪሄንሲብል ኢንፑት፣ ባጭሩ ሲአይ፣ ማለት ቋንቋ የሚለምድ ሰው ሲሰማውም ሆነ ሲያነበው እያንዳንዱን ቃል ባያውቀው እንኳ መልእክቱ የሚገባው ንግግር ወይም ጽሁፍ ነው። ሃሳቡን በዚህ ስም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር እስቲቨን ክራሸን ሲሆን ዋና ስራዎቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1985 ባለው ጊዜ የወጡ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ከሱ በፊት ክፍል ውስጥ በብዛት የነበረው ወይ ደንብ ሸምድዶ መተርጎም ወይ አንድን ዓረፍተ ነገር እንደ በቀቀን መደጋገም ነበር፣ እሱን እዚህ አንገባበትም።

የክራሸን አነጋጋሪ ነጥብ ቋንቋን "መልመድ" እና ስለቋንቋ "መማር" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚለው ነው። ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ አማርኛ አፉን የፈታ ሰው "ይሄዳል" ካለ በኋላ አፍራሹን "አይሄድም" ይላል፣ ከዛ "የማይሄድ ሰው" ሲል ያቺ መጨረሻ ላይ የነበረችው "ም" ትጠፋለች፣ ለምን ጠፋች ብትለው ግን አብዛኛው ሰው ዝም ነው የሚልህ፣ ደንቡን ማንም አልነገረውም ግን አንድም ቀን ተሳስቶ "የማይሄድም ሰው" አይልም። ክራሸን የሚለው እንግዲህ አፍ ላይ የሚመጣው ይሄኛው እውቀት ነው፣ እሱም የሚገነባው በሚገባን ኢንፑት ብቻ ነው። የተጠና ደንብ ስራው ሌላ ነው፣ "ሞኒተር" ይለዋል፣ ልንናገር ያሰብነውን ወይም የተናገርነውን የሚያርም ተቆጣጣሪ። ተቆጣጣሪው እንዲሰራ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ሃሳብህ መልእክቱ ላይ ሳይሆን አባባሉ ላይ መሆን አለበት፣ ደንቡንም ማወቅ አለብህ። ሰው እያወራህ ሶስቱ አንድ ላይ የሚሟሉበት አጋጣሚ ብዙም የለም።

ለዚህ ማስረጃ ተደርጋ የምትጠቀሰው በ1975 በወጣ ጥናት "ፒ" ተብላ የተጠራች ሴት ናት፣ በኔ እይታ ከክርክሩ ሁሉ ምርጧ ታሪክ የሷ ናት። አፏን የፈታችው በቻይንኛ ነው፣ እንግሊዝኛ የጀመረችው በሃያዎቹ እድሜዋ ሲሆን በከፍተኛ ውጤት ዲግሪ የያዘች ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ልጇ ለሶስት ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ሳታስበው ስታወራ የምትሳሳተውን እየያዘ ቆየ፣ ስህተቶቹ ወዲያው ሲቀርቡላት 95 በመቶ የሚሆኑትን ራሷ አረመቻቸው። ስትጽፍ ደግሞ ስህተት የላትም ማለት ይቻላል። ማለትም ደንቡን አታውቀውም እንዳይባል ታውቀዋለች፣ እያወራች ግን አይደርስላትም።

ከምትስታቸው አንዷ "ሺ ጎውስ" ማለት ሲገባት "ሺ ጎ" እያለች የምትጥላት የግስ መጨረሻ "ስ" ናት። ይቺ "ስ" ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ የምትበቃ፣ ለመልመድ ግን ዓመታት የምትፈጅ ናት፣ የ1970ዎቹ ጥናቶች እንዳሳዩት ህጻናትም አዋቂዎችም "ኢንግ" የምትለዋን የግስ መጨረሻ ቶሎ ይይዛሉ፣ "ስ" ግን ኋላ ከሚመጡት ውስጥ ናት (ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ ነው የሚለው አከራካሪ ነው፣ የመጀመሪያ ቋንቋ ተጽእኖ አለው የሚሉ በኋላ መጥተዋል)። ምክንያቱን በአማርኛ እንየው። "ትሄዳለች" ስንል ማን እንደምትሄድ የሚነግረን ግሱ ራሱ ነው፣ ያንን ከቆረጥከው መልእክቱ ይበላሻል። እንግሊዝኛ ላይ ግን "ሺ" የሚለው ቀድሞ ነግሮሃል፣ "ስ" የምትጨምረው አዲስ ነገር የለም፣ ድምጿም ደካማ ነች፣ ስለዚህ ትርጉም የሚፈልግ ጆሮ ሳይሰማት ያልፋል።

የሲአይ ትክክለኛ ችግር ያለውም እዚህ ጋ ነው፣ ደጋፊ ብሆንም ይሄን መደበቅ አይገባም። መልእክቱ ያለ"ስ" ከገባኝ ለምን እይዛታለሁ? ይሄን ጥያቄ ያጠነከረው የካናዳው ኢመርሽን ነው። በ1965 ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ቦታ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ከመዋእለ ህጻናት ጀምረው በፈረንሳይኛ እንዲማሩ ተደረገ፣ ነገሩ ተስፋፋ። በ1985 ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌን ስድስተኛ ክፍል የደረሱ የኢመርሽን ተማሪዎችን ውጤት ስታቀርብ የመስማትና የማንበብ ችሎታቸው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው ብዙም አይርቅም፣ ሲናገሩ ግን የስም ጾታና የግስ ጊዜ ላይ ይሳሳቱ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ኢንፑት በኋላ። የሷ መደምደሚያ መረዳት ብቻ አይበቃም፣ ሰው ራሱ ለመናገር ሲገደድ ነው የጎደለው የሚታየው የሚል ነው። የክራሸን ወገን መልስ ልጆቹ የሰሙት አብዛኛው የአስተማሪ ንግግር ነው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር አልዋሉም፣ ለደስታቸው ብለውም ብዙ አላነበቡም የሚል ነው። መልሱ ክብደት አለው፣ ግን ሙሉ መልስ ነው ማለት ይከብዳል።

ግራመር ይረዳል የሚሉት ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በ2000 ተመራማሪዎቹ ኖሪስና ኦርቴጋ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠኑበትን ስራ ነው፣ ደንብ በግልጽ የተማሩት በውጤት በልጠዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ ጥናቶች የለኩት በምን ነበር? ባዶ ቦታ ሙላ፣ ትክክለኛውን ምረጥ፣ እንዲህ ዓይነት ፈተና። ይሄማ ፒም የምታልፈው ነው። ጸሃፊዎቹ ራሳቸው ይሄን ገደብ ተናግረዋል። በ2010 ስፓዳና ቶሚታ ባወጡት ተመሳሳይ ስራ ደግሞ በነጻ ንግግር ላይም ጥቅም ታይቷል፣ ስለዚህ "ግራመር ለንግግር ዜሮ ነው" የሚለው የኛ ወገን ጽንፍ ዛሬ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ሌላው ተመራማሪ ሮበርት ደካይዘር ደግሞ ደንብ በልምምድ ብዛት ወደ አፍ ይወርዳል ይላል፣ ግን ልምምዱ ብዙና በተጨባጭ ንግግር የሆነ መሆን አለበት፣ የደብተር መልመጃ ደብተር ላይ ነው የሚያጎብዝህ።

ለኔ ከሁሉም የሚያስታርቀው የቋንቋ ተመራማሪው የሪቻርድ ሽሚት ማስታወሻ ነው። ብራዚል ለአምስት ወር ያህል ኖሮ ፖርቱጋልኛ ሲለምድ ለተወሰኑ ሳምንታት ክፍል ገብቶ ተማረ፣ የቀረውን ከሰው ጋር እያወራ፣ ያየውን በየጊዜው ይጽፍ ነበር፣ ንግግሩም ይቀረጽ ነበር። በ1986 ከፍሮታ ጋር ሲያሳትሙት የወጣው ነገር ምንድነው፣ ክፍል ውስጥ መማር ብቻውን አንድን አባባል አፉ ላይ አላመጣውም፣ በዙሪያው ሲነገር መኖሩም ብቻውን አላመጣውም፣ ሰዎች ሲናገሩት ጆሮው ልብ ያለውን ግን መጠቀም ጀመረ፣ ክፍል ውስጥ የተማረው ነገር ደግሞ አንዳንዴ ውጪ ሲነገር ልብ እንዲለው ረዳው።

ይሄን ወደ "ስ" ስናመጣው ደንቡን ሁለት ደቂቃ አንብቦ መዝጋት ነው፣ ከዛ ጽሁፉን አውቀኸው የሚገባህን ቀረጻ ስትሰማ "ሂ" ወይም "ሺ" ባለ ቁጥር ከኋላው ያለውን ግስ መጨረሻ ማድመጥ። መጀመሪያ ላይ ጆሮህ ከሶስቱ አንዷን ይይዝ ይሆናል። እድገቱን የምታውቀው ግን በፈተና አይደለም፣ ስሜትህን ስለሚነካ ጉዳይ አምስት ደቂቃ ስታወራ ራስህን ቅረጽና ቁጠር፣ ስትጽፍ የማትሳሳታት "ስ" እዛ ላይ ከሌለች ያለህ ሞኒተር ነው፣ ገና አልለመድካትም።